«ይመጣሉ»፦ ስንት ሰው?

ይመጣሉ

መልእክቱ ይቺው ናት። አንድ ቃል። አራት ነጥብ የላትም፣ ጥያቄ ምልክት የላትም፣ ከፊቷም ከኋላዋም ምንም የለም። የደረሰችኝ ማታ፣ እራት ላይ ሳለሁ ነው።

እኔ ባሕር ዳር ሆኜ ጣና ላይ ወደ ገዳማት ለሚሄዱ ሰዎች ጀልባ አመቻቻለሁ። ሥራው ከውጭ ሲታይ ጀልባና ውሃ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ግን አብዛኛው ቀኔ የሚያልፈው ስልክ ላይ መልእክት በማንበብ ነው። ሰው አዲስ አበባ ሆኖ አጭር ነገር ይጽፍልኛል፣ እኔ ደግሞ ያቺን አጭር ነገር ወደ ነዳጅ፣ ወደ መነሻ ሰዓትና ወደ ጀልባ መለወጥ አለብኝ። ስለዚህ አንዲት ቃል ሁለት ቦታ ስትረግጥ ቶሎ ይታየኛል።

የዚች መልእክት ባለቤት ከአንድ ቀን በፊት ረዘም ያለ ነገር ጽፎልኝ ነበር። አባቱ ዳጋ እስጢፋኖስ ስለት አለባቸው፣ ሄደው መሳለም ይፈልጋሉ። ግን ጉልበታቸውን ስላመማቸው እርግጠኛ አይደሉም። እናቱና ሁለት አክስቶቹም አብረን እንሂድ እያሉ ነው፣ እነሱም ገና አልቆረጡም። «ነገ አሳውቅዎታለሁ» ብሎ ጨረሰ። በማግስቱ ማታ ያሳወቀኝ «ይመጣሉ» ብሎ ነው።

ማን?

አማርኛ እዚህ ጋ ጨካኝ ነው። «ይመጣሉ» ስንል እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ማለትም ሁሉም። እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ፣ ማለትም አባት ብቻቸውን፣ በአንቱታ። አንቱታው ደግሞ ወንድና ሴት ስለማይለይ እናትየውም ሊሆኑ ይችላሉ። በዚያ ላይ ልጁ እኔን እርስዎ እያለ ነው የሚጽፍልኝ፣ ስለዚህ «እርስዎስ አብረው ይመጣሉ?» ብሎ እየጠየቀኝም ሊሆን ይችላል፤ ሽማግሌ አባቱን ከማያውቀው ጀልባ ነጂ ጋር ብቻቸውን መላክ ከብዶት ይሆናል። ጥያቄ ምልክት አለመኖሩ ምንም አያረጋግጥም፣ ስልክ ላይ ማን ጥያቄ ምልክት ያስገባል? ቁጥርም ጾታም፣ ማን ስለማን እንደሚያወራም፣ ሁሉም አንዲት ቃል ውስጥ ተደብቀዋል፤ ሁሉም ደግሞ ትክክለኛ አማርኛ ናቸው።

ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ አንድም ዝም ብሎ ይገምታል፣ አንድም ወዲያው ይጠይቃል። እኔ ከሁለቱ በፊት የማስበው ነገር አለ። ልዩነቱ የምሠራውን ሥራ ይለውጠዋል ወይ? ካልለወጠ መጠየቅ ሰውን ማድከም ነው። ለምሳሌ ባለፈው አንድ ሰው ስለ ጣና አምባዛ «ይበላል?» ብሎ ጻፈልኝ። አላልቼ ካነበብኩት አምባዛ ሌላ ዓሣ ይበላል ወይ ማለት ነው፣ አጥብቄ ካነበብኩት ደግሞ አምባዛን ሰው ይበላዋል ወይ ነው። የሁለቱም መልስ አዎ ስለሆነ አዎ ብዬ አለፍኩ። የትኛውን እንደፈለገ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገኝም።

«ይመጣሉ» ግን እንዲህ አይታለፍም። ምክንያቱ ደግሞ ዳጋ ነው።

ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። የወንዶች ገዳም ነው፤ ክብራን ገብርኤልም እንደዚሁ ነው። የአፄ ዘርዓ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አፅም የሚገኝበት እየተባለ ስሙ ስለሚነሳ ብዙ ሰው መሄድ ይመኛል፣ ሴቶች የማይገቡ መሆኑን ግን ከሩቅ የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ አያውቅም። መንገዱም ቅርብ አይደለም። ዘጌ በተለመደው ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ዳጋ ግን ወደ ሐይቁ መሃል ስለሆነ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ ከዚያ ደግሞ ዳገት አለ። አባት ብቻ ከሆኑ ወደ ዳጋ የሚሄድ የወንዶች ጉዞ ሲገኝ ከነሱ ጋር አስቀምጣቸዋለሁ፣ ዋጋውም ይቀልላቸዋል። ሴቶቹ ካሉበት ግን ጀልባው ለብቻቸው መያዝ አለበት፣ መንገዱም ሌላ ነው፣ የመነሻ ሰዓቱም ይለወጣል። እኔን የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ በዚያ ቀን የያዝኩትን ሌላ ሥራ ለሰው መስጠት አለብኝ። ስለዚህ እያንዳንዱ ንባብ የራሱ ሥራ አለው።

ልዩነቱ ሥራውን እንደሚለውጥ ካወቅኩ በኋላም ወዲያው አልጠይቅም። መጀመሪያ ወደ ኋላ ተመልሼ የሰውየውን የቀድሞ መልእክቶች አነባለሁ። አንድ ሰው እንዴት እንደሚጽፍ ራሱ መረጃ ነው። ይሄ ልጅ ከዚህ በፊት «ዋጋው ስንት ነው» ብሎ ያለ ጥያቄ ምልክት ጽፎልኛል፣ ስለዚህ ምልክቱ የለም ብዬ የጥያቄውን ንባብ መጣል አልችልም። ምልክት የማይረሳ ሰው ቢሆን ኖሮ ያንን ወዲያው ጥዬው ነበር። አባቱን ሲጠራ «አባባ ይፈልጋሉ፣ አባባ አመማቸው» ይላል፣ አንቱታ ነው። እናቱንና አክስቶቹን ደግሞ በአንድ ላይ «እነሱ» ነው የሚላቸው። ሁለቱም ዘንድ የግሱ መጨረሻ ያው ነው። ያልቆረጠውም አንዱ ወገን ብቻ ቢሆን ኖሮ ዜናው ስለዚያ ወገን ነው እል ነበር፤ ግን አባትየውም ጉልበታቸው እያስፈራቸው፣ ሴቶቹም እያመነቱ ነበር። ሁለት ጥያቄ ተንጠልጥሎ አንድ መልስ መጣ ማለት ነው።

እውነት ለመናገር ልቤ ወደ «ሁሉም» አድልቷል። ግምት ቢሆን ያንን ነበር የምመርጠው። ግን ወደ አንዱ ማድላት ማወቅ አይደለም፤ ደግሞም የግምት ዋጋ የሚታወቀው ስንት ጊዜ ትክክል ነው በሚለው ብቻ አይደለም። ሲሳሳት ምን ይሆናል፣ ስህተቱስ መቼ ይታወቃል የሚለውም አለ። ሁሉም ናቸው ብዬ ጀልባውን ለብቻ ይዤ አባት ብቻቸውን ቢመጡ የሚጎዳው ገንዘብ ነው። አባት ብቻ ናቸው ብዬ ሌሎች ወንዶች ጋር አስቀምጬ ጠዋት ወደቡ ላይ አራት ሰው ቢቆም ግን ነገሩ ይከፋል። ያኔ ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሌሊት ተነስተው፣ «እናንተ አትገቡም፣ ቦታም የላችሁም» ሊባሉ ነው። ያንን ወደቡ ላይ ቆሞ መናገር ያለበት ደግሞ እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ስህተት በይቅርታና በትንሽ ብር ያልቃል። ሁለተኛው ጠዋት ላይ አይታረምም፣ ምክንያቱም ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳበታል፣ ሩቅ የሚሄድ ጀልባ በማለዳ መውጣት አለበት፣ እዚያ ቆሞ ለመደራደር ጊዜ የለም።

ለመጠየቅ ግን ጊዜ ነበረኝ። ጉዞው ከነገ ወዲያ ነው፣ ሰውየው ደግሞ አሁን ስልኩ እጁ ላይ ነው። ይሄም ይቆጠራል። ገና ጽፎ የላከ ሰው ለመመለስ አይከብደውም፣ ነገሩ ጭንቅላቱ ውስጥ ትኩስ ነው። በማግስቱ ብጠይቀው ኖሮ የጻፈውን ራሱ መልሶ ማንበብ ነበረበት፤ ኔትወርክም የለም ሊል ይችላል።

«ለምን አትደውልለትም?» የሚል አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ልክ ነው፣ ድምፅ ብዙ ነገር ይፈታል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማያሳይ ጽሑፍ ላይ የሚደናገረን ነገር በአፍ ሲነገር ይጠራል። ታኅሣሥ ላይ «መቼ ነው የምትመጡት?» ብላችሁ ጠይቃችሁ «ገና» የሚል መልስ ቢመጣ፣ ለበዓሉ ነው ወይስ ገና አልወሰንም? ስልክ ላይ አንድ ጊዜ ቢናገረው ትሰሙታላችሁ፣ «ና» ላይ ከጠበቀ በዓሉ ነው፣ ካልጠበቀ አልደረሰም። ጥያቄ ይሁን አይሁንም ከድምፁ ይታወቃል። ስለዚህ ብደውል እኔን እየጠየቀ ከሆነ ያ ይለይልኝ ነበር። «እሳቸው» እና «እነሱ» ግን በድምፅም አይለዩም! «ይመጣሉ» ስለ አባትየውም ሲባል ስለ አራቱም ሲባል ጆሮ ላይ አንድ ነው። ብደውል ሰላምታው፣ የቤተሰቡ ደህንነት፣ ዝናቡ፣ ከዚያ «ይመጣሉ አልኩዎት እኮ!» ይለኛል፣ ያው እዚያው ነን። ደውሎም በትክክል መጠየቅ ያስፈልጋል።

እና እንዴት ነው የሚጠየቀው?

«ምን ማለትዎ ነው?» አይባልም። እርስዎ ብትጨምሩበትም አይለሰልስም፤ በኛ አገር ምን ማለትህ ነው የጠብ መጀመሪያ ነው። ሰውየው አጥርቶ የጻፈ መስሎታል፣ ስለዚህ ስድብ ሆኖ ነው የሚሰማው። በዚያ ላይ ሥራውን በሙሉ እሱ ላይ ይጥላል፤ የቱ ቃል እንዳልገባኝ፣ ለምን እንዳልገባኝ መገመት ያለበት እሱ ይሆናል። «አልገባኝም» ማለትም ያው ነው፣ ትንሽ ትሑት ይመስላል እንጂ።

«ይመጣሉ?» ብሎ መልሶ መላክ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፣ ግን ሰው ሁሉ የሚያደርገው እሱን ነው። የተደናገርንበትን ቃል ጥያቄ ምልክት አድርገን መልሰን እንልከዋለን። «አዎ» ይመጣል። ደስ ብሎን ስልኩን እናስቀምጣለን። ምኑን ነው አዎ ያለው? የላክነው ቃል ሁሉንም ንባብ እንደያዘ ሄዶ ሁሉንም እንደያዘ ተመለሰ። መጠየቁ ምንም ሳያጠራልን ያጠራልን ይመስለናል፣ ይሄ ካለመጠየቅም ይከፋል።

«አባትዎ ብቻ ናቸው ወይስ ሁሉም?» የሚለው ይሻላል። ሁለት ምርጫ ስላለው ሰውየው የተደናገርኩበትን ወዲያው ያያል፣ ስድብም የለበትም። እኔም ብዙ ጊዜ የምጠቀመው ይሄንን ነው። ግን ሁለት ቀዳዳ አለው። አንደኛ፣ ሰው ለ«ወይስ» ጥያቄ «አዎ» ብሎ ይመልሳል። እየቀለድኩ አይደለም፣ በተለይ እየነዳ ወይም እየበላ የሚመልስ ሰው። ሁለተኛ ደግሞ ምርጫዎቹን እኔ ነኝ የቆረጥኳቸው፣ ያላሰብኩት ሦስተኛ ነገር ካለ መግቢያ የለውም። «አባባ ቀርተው ሴቶቹ ብቻ» ቢሆንስ? ትሑት ሰው ከቀረቡለት ሁለት ወደሚቀርበው ያዘነብላል።

ብዙ ጥያቄ በአንድ መልእክት መላክም አልወድም። «ስንት ናችሁ? ሴቶች አሉበት? እኔስ ልምጣ?» ብትሉ የሚመለሰው አንዱ ነው፣ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው፣ ለሌሎቹ እንደገና ትለምናላችሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ተፈቀደልህ ብባል የቱን እጠይቃለሁ ብሎ ማሰብ ጥሩ ልማድ ነው።

የላክሁት ይሄን ነበር፦ «እሺ፣ ለስንት ሰው ጀልባ ልያዝ?»

ቃሉን አልነካሁትም። ስለ «ይመጣሉ» ምንም አልጠየቅኩም፤ የጠየቅኩት ቃሉ ቢጠራ ኖሮ የምሠራበትን ነገር ነው። የቁጥር ጥያቄ አዎ ተብሎ አይመለስም። አይጠብቅም፣ አይላላም፣ አንቱታ የለውም። እያንዳንዱን መልስ ደግሞ አስቀድሜ ሠርቼዋለሁ። 1 ካለ አባትየው ናቸው፣ ስለቱ የሳቸው ነው፣ እናትየው ዳጋ ብቻቸውን የሚሄዱበት ምክንያት የለም። 4 ካለ ሁሉም ናቸው። 3 ካለ ሦስቱ ሴቶች ይሁኑ ወይም አባትና ሁለት ሴቶች፣ አላውቅም፣ ግን በሁለቱም ሴት አለበትና የዳጋን ነገር መንገር አለብኝ፣ ስለዚህ የቀረችው ብዥታ ለጊዜው አትጎዳኝም። እኔን እየጠየቀኝ ከነበረ ደግሞ ራሱ ያርመኛል፣ «አይ፣ እርስዎ ይመጡ እንደሆነ ብዬ ነው» ይላል። ጥያቄውም እንደ ተራ የሥራ ጥያቄ ነው የሚነበበው። አልገባኝም ማለት አላስፈለገኝም፣ እሱም አጥርተህ አልጻፍክም አልተባለም።

«4» አለኝ። ቁጥሯ ብቻ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የቃል መሆኑ ቀርቶ የመንገድ ሆነ። ዳጋ ሴት እንደማይገባ ነገርኩት፤ አያውቅም ነበር። ቅር እንዳለው ከጽሑፉ ይታያል። እኔ ግን በዚህ ነገር አማራጭ አለኝ። ከዳጋ አጠገብ ደቅ ደሴት አለ፣ እዚያ ደግሞ ናርጋ ሥላሴ አለ፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት፣ ሥዕሉ የሚያስደንቅ፣ ሴቶችም የሚገቡበት። ጀልባው እናትየውንና አክስቶቹን ናርጋ ያወርዳል፣ አባትየውን ዳጋ ያደርሳል፣ እሳቸው ስለታቸውን እስኪያደርሱ ይጠብቃል፣ ተመልሶ ሴቶቹን ይዞ ሁሉም አብረው ይመለሳሉ። ነዳጁ ይጨምራል፣ መነሻው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መሆን አለበት፤ ግን ማንም ጀልባ ላይ ተቀምጦ ደሴት ከሩቅ እያየ አይውልም። ተስማሙ። አባትየው ዳገቱ ላይ እንዳይቸኮሉ አደራ አልኩ፣ ምርኩዝ ይይዛሉ አለ። (ይሄኛው «ይይዛሉ» ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።)

ሁልጊዜ ልጠይቅ ብል ግን ሥራ አይሠራም። በቀን ውስጥ የሚመጣ መልእክት ሁሉ ትንሽ ትንሽ ብዥታ አለው፣ ለሁሉም ብጠይቅ ደንበኛው «ይሄ ሰውዬ አማርኛ አይችልም እንዴ» ይላል። ስህተቱ ትንሽ ከሆነና ለማረም ጊዜ ካለ ገምቼ እሠራለሁ፣ ግምቴን ግን አልደብቀውም። «ላይፍ ጃኬት ለ4 አዋቂ አድርጌያለሁ፣ ሕፃን ካለ ብቻ ይንገሩኝ» ብዬ እልካለሁ። ልክ ከሆንኩ ሰውየው ምንም ማድረግ የለበትም፣ ከተሳሳትኩ ስህተቱን ፊት ለፊት ያየዋል። ይሄ ዘዴ የሚሠራው ዝምታው ምንም ቢሆን ሊጎዳ በማይችልበት ጉዳይ ነው። ዝምታ መስማማት ሊሆን ይችላል፣ መልእክቱ አለመድረሱም ሊሆን ይችላል፣ ከሁለቱ የቱ እንደሆነ ከዚህ ማዶ አይታይም። ስለዚህ ላይፍ ጃኬት ላይ አደርገዋለሁ፣ ዳጋ ላይ አላደርገውም።

አንድ ነገር ላይ ግን ሳልጠይቅ አላልፍም፣ የቱንም ያህል ግልጽ ቢመስለኝ። ከውጭ የመጣ ሰው፣ ወይም ውጭ ከሚኖር ዘመዱ ጋር የሚመጣ ሰው ሰዓት ሲጽፍልኝ። «1 ሰዓት» ለኔ ማለዳ ነው፣ ፀሐይ ገና ከፍ እያለች። በፈረንጅ ሰዓት ለሚያስብ ሰው ከምሳ በኋላ ነው፣ የኛ 7 ሰዓት፣ ነፋሱ ሊነሳ ሲል። ስድስት ሰዓት ልዩነት ነው፣ ሁለቱም ደግሞ ጀልባ ሊነሳበት የሚችል ሰዓት ስለሆነ ነገሩ ራሱን አያጋልጥም፤ ሌሊት 7 ሰዓት ቢሆን ማንም ያውቀዋል። እዚህም «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ከምል «ከቁርስ በፊት ነው ከምሳ በኋላ?» እላለሁ። ቁርስና ምሳን ማንም አይስታቸውም።

ጀልባ ነጂው ጋም ሥራ አለ። የደንበኛውን መልእክት እንዳለ ወደሱ የማስተላለፍ ልማድ ብዙዎቻችን አለን፣ ይቀላል። ግን እንዲያ ሲደረግ ብዥታው አብሮ ይሄዳል፤ እሱ ደግሞ እኔ ያነበብኳቸውን የቀድሞ መልእክቶች አላየም፣ ሲገምት ከኔ በባሰ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ነው የሚገምተው። ለሱ የጻፍኩለት «ሐሙስ ጠዋት 12 ሰዓት፣ 4 ሰው፣ 3 ሴት ናርጋ፣ 1 ወንድ ዳጋ፣ ሁሉም አብረው ይመለሳሉ» የሚል ነበር። ወዲያው መለሰልኝ፦ «እሺ፣ ምሳ ይይዛሉ?»

እሱን ለልጁ አስተላለፍኩ፣ «ምሳ ለስንት ሰው ይዘጋጅ?» ብዬ።